ውባለምን ሊያስለቅቃት የነበረው እርጥብ ኮርኒስ

ንፋስ መውጫ ላይ ማን ከማን እንደተኳረፈና ማን ማንን ሊያጭ እንዳሰበ ማወቅ የፈለገ ሰው ቀበሌ አይሄድም፤ የውባለምን ደረጃ ይወጣል። ጸጉር ቤቷ ፎቅ ላይ ነው። ታች ቤቱ የአከራይዋ የእትየ ፋንቱ ነው፤ እዚያ ደግሞ አረቄ ይወጣል። አንዱ ወሬ ያመርታል፣ ሌላው ወሬ የሚያናግረውን ያመርታል፤ እንዲህ ተደጋግፈው ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል።

ውባለም የወገዳ ልጅ ናት። ሙያውን የተማረችው በታናናሽ እህቶቿ ራስ ላይ ነው። አንዷ እስከ ዛሬ ሻሽ የማትፈታው በዚያ ምክንያት ነው ይባላል፤ ውባለም ግን ብርድ ስለማትችል ነው ትላለች። ንፋስ መውጫ ስትገባ ከማበጠሪያ ሌላ ያላት ንብረት አንድ ትልቅ መስታወት ነበር። ከደብረ ታቦር በአውቶቡስ ስታመጣው አቅፋው ተቀመጠች። ከፊት ያሉት ተሳፋሪዎች እስከ ጋሳይ ድረስ ዘወር እያሉ ጸጉራቸውን አበጠሩበት፤ ሁለቱ ሲወርዱ ደንበኛዋ ሆነው ነው የወረዱት። ያን መስታወት ግድግዳው ላይ በሲሚንቶ አስለጠፈችው። ከእንግዲህ ካልተሰበረ አይነቀልም።

እንግዲህ ጥር ሲገባ እትየ ፋንቱ ከጓዳቸው ኮርኒስ ላይ እርጥብ ነገር አዩ። ዝናቡ ከሄደ ወራት ሆኖታል። ኮርኒሱ የፎቁ ወለል ሆዱ ነው፣ ልስን ሲሚንቶ። እርጥቡ መጀመሪያ መዳፍ አከለ፣ ቀጥሎ ሰፌድ አከለ። እትየ ፋንቱም አስተውለው ቆጠሩ፤ የሚብሰው በገበያ ዋዜማ ነው። በገበያ ዋዜማ ደግሞ የውባለም ቤት ሴት ይሞላዋል፣ የጸጉር ማጠቢያው ቀኑን ሙሉ ሲንዶቀዶቅ ይውላል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው፣ ቅባት ተቀብታ የተቀመጠችውን ደንበኛ እንኳን ሳያፍሩ፣ ወሩ ሲያልቅ ቤቱን እንድትለቅላቸው ነገሯት። የሰው ራስ እጣቢ በራሴ ላይ ሲንጠባጠብ አላድርም አሉ። ውባለም ለመነች፣ አልሰሙም። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ አስፈቀደች፦ የቧንቧ ሠራተኛው ተሻገር ይየው፤ ከእኔ ከሆነ እኔው እወጣለሁ አለች። አፏ ይህን ይበል እንጂ ዓይኗ መስታወቱ ላይ ነበር።

ተሻገር የመጣው በገበያ ዋዜማ ጠዋት ነው፤ ሆን ብላ በዚያ ቀን ቀጠረችው። መፍቻውን ሳያወጣ ጓዳው መሐል ቆሞ እንደ ንስሐ አባት ይጠይቅ ጀመር። መቼ ይብሳል? ይሸታል? ቀለም ይተዋል? ጣቱን አርጥቦ አሸተተ። ግንቡ ጥግ የተዘረጋችውን የእትየ ፋንቱን አልጋና አጠገቧ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የተጣደውን የአረቄ እንስራ አየ።

«ኧረ ምን ታሸታለህ፣ ውሃ ውሃ ነው» አሉት እትየ ፋንቱ።

«ውሃ እንኳን ዘሩ ሦስት ነው፣ እትየ። ወደ ቤት የሚገባ አለ፣ ከቤት የሚወጣ አለ፣ ወይም ከአየር የሚወርድ።»

«የሚገባው ቢሆን በምን ይታወቃል?»

«የሚገባው ሁልጊዜ ግፊት አለበት። ሰው ታጠበ አልታጠበ፣ ቀንም ሌሊትም ይንጠባጠባል፣ ንጹሕ ነው፣ አይሸትም። መስመሩን ስዘጋው ግን ቀስ በቀስ ይደርቃል።»

«የእሷ እጣቢስ?»

«እሱ የሚመጣው ሲታጠቡ ብቻ ነው፤ ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ዘግየት ብሎ። ዳሩ ላይ ቡናማ ቀለበት ያበጃል፣ ይሸታል። የሳሙናና የቅባት ሽታ እንደሆነ እኔም ሆንኩ አፍንጫዬ አንስተውም።»

«ይኸው፣ የሚብሰው በገበያ ዋዜማ ነው አላልኩህም?» አሉና ወደ ውባለም ዞሩ፤ «ዕቃሽን ሸክፊ፣ አንች ልጅ።»

ተሻገር ግን ገና አልጨረስኩም ብሎ ከላይ ከሮቶው ወደ ፎቁ የሚመጣውን መስመር ዘጋው፤ ውባለም የዛሬዋን ደንበኛ ሁሉ በጀሪካን ውሃ እንድታጥብ አዘዘ። ደግሞ ቀይ ስር ቀቅላ ውሃውን በማጠቢያው እንድትደፋና እየደጋገመች እንድትጨምር አደረገ። ፍሳሹ ቢያንጠባጥብ ኮርኒሱ ቀይ ይለብሳል። ጸጉራቸውን ሊታጠቡ የመጡት ሴቶች ማጠቢያው ደም መስሎ ሲያዩት ውባለም ዶሮ አረደችበት ብለው አወሩ፤ እስከ ማታ ወሬው ጨጨሆ ደርሷል።

ቀጥሎ ተሻገር ኮርኒሱን በጨርቅ አድርቆ፣ ከፌስታል አንድ ቁራጭ ቀዶ በደረቁ ላይ ዙሪያውን በስኮች ለጠፈ። ሄደና ለእትየ ፋንቱ እንደ ወትሮዎ ይሥሩ አላቸው። እሳቸውም የአረቄውን ምድጃ አበሩት።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ጓዳ ገቡ። ኮርኒሱ ላይ እርጥቡ ተመልሷል። ውባለም ዓይኗን ጨፈነች፣ ቀዩን ላለማየት።

«ዓይንሽን ክፈቻው» አላት ተሻገር።

ከፈተችው። ቀይ የለም። ያለው እንደ ጤዛ የተደረደረ ጥቃቅን ነጠብጣብ ነው፣ ንጹሕ፣ ቀለበት የሌለው። ውሃው ከላይ ተዘግቶ ውሎ እንኳን መጥቷል። ተሻገር ፌስታሉን በጣቱ ነካው፤ ነጠብጣቡ ያለው ወደ ጓዳው ባለው ፊቱ ላይ ነው። ላጠው። ከጀርባው ያለው ሲሚንቶ ደረቅ ነው።

«ከውስጥ ቢመጣ ኖሮ ውሃው ፌስታሉና ሲሚንቶው መሐል ይቆም ነበር» አለ። «ይህ ከዚሁ ከጓዳዎ ወጥቶ ነው የተለጠፈበት። ከዚህ ጥግ በላይ ያለው የጸጉር ቤቱ ክፍት በረንዳ ነው፣ የጥር ብርድ ሲያድርበት ሲሚንቶው ይበርዳል፤ ከታች እንፋሎት ሲያገኘው ያልበዋል።»

«እንፋሎት ደግሞ ከየት መጣ?»

ሁሉም ወደ እንስራው አዩ። የአረቄውን ትነት የሚያቀዘቅዘው ገንዳ ውሃው ሞቆ ይጨስ ነበር።

«ድሮም አወጣ ነበር እኮ» አሉ እትየ ፋንቱ፣ ድምፃቸው ግን ወርዷል።

«ድሮ መስኮቱ ክፍት ነበረ።»

ነገሩ እዚያ ላይ ወጣ። መስኮቱ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት በምስማር ተመትቷል፣ ስንጥቁ ሁሉ በጨርቅ ተወትፏል። ብርድ አይደለም ምክንያቱ። አረቄ ሲንጠባጠብ የደረሰ ሰው ሳይቀምስ አይሸኝም፤ በሠፈሩ ደንቡ ይህ ነው። ሽታው ከመንገድ ሲደርስ በገበያ ዋዜማ የሚደርሰው ሰው ደግሞ በዛባቸው። ስለዚህ እትየ ፋንቱ ከታኅሣሥ ጀምሮ ሽታውን ዘግተው በስውር ያወጡ ነበር። በገበያ ዋዜማ ሁለቱም ሥራ ስለሚበዛባቸው፣ አረቄው ባደረገው ጸጉር ቤቱ ተከሰሰ።

ውባለም መሳቅ አልደፈረችም፤ አንገቷን ደፍታ ከንፈሯን ነከሰች። እትየ ፋንቱ ግን ሳቁን ራሳቸው ጀመሩት፣ ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥተው ከረጢቱን ከነምስማሩ ገነጠሉት።

ነፋሱ ሠተት ብሎ ገባ። ሽታውም ሠተት ብሎ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከመንገድ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠራርጎ ቤቶች አለ፤ ሌላም ተከተለ።

«በይ ዕቃሽን መሸከፉን ተይው» አሉ እትየ ፋንቱ፣ «መለኪያ አምጭና አግዥኝ።»

ውባለም መለኪያውን አመጣች። የመጀመሪያውን ተሻገር ጠጣው። እሷም ወደ ላይ ተመልሳ የቀሩትን ሁለት ሴቶች አጥባ ሸኘች፤ ማምሻውን መስታወቱን በጨርቅ ስትወለውል ታች ያለው ሳቅ በወለሉ ይሰማት ነበር። በማግስቱ እትየ ፋንቱ ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ። ሻሻቸውን ፈቱና መስታወቱ ፊት ተቀመጡ፤ በጀሪካን ውሃ እንዳታጥባቸው ብቻ አስጠነቀቁ።