ከላይ ሲወርድ ያልተገኙት ሰው

ሥራዬ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የመረጃ ቋቱን መከታተል ነው። ቤቴ ደሴ ስለሆነ ከሥራ ስወጣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጡት የቦይለር ክፍሉ ኃላፊ ናቸው።

አዲስ መዋቅር መጣና ምደባው ከቋቱ በሚወጣው የአለቃና የበታች ዛፍ እንደሚሠራ ተነገረን። ዛፉን ከቋቱ ፈልጎ የሚያወጣውን መጠይቅ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ በላዩ አለቃ የሌለበትን ሰው፣ ሥራ አስኪያጁን፣ ይይዛል። ቀጥሎ አለቃቸው እሱ የሆኑትን ይፈልጋል። ከዚያ የእነዚያን የበታቾች፣ ባለፈው ዙር ያገኛቸውን ይዞ፣ አዲስ ሰው እስኪያጣ ይወርዳል። አልዋሽም፣ ኮርቼበት ነበር።

ዛፉ ሲወጣ የቦይለሩ ኃላፊም ምክትላቸውም የሉበትም። መጠይቁ ስህተት አለ አላለም፤ ዝም ብሎ አለፋቸው።

ገብቼ ሳየው ነገሩ ሌላ ነው። ኃላፊው ሐጅ በሄዱ ጊዜ የሰው ኃይል ክፍሉ ውክልናውን የሚያስገባበት ቦታ አጣና በእሳቸው የአለቃ ሳጥን ላይ ምክትላቸውን ጻፈ። ሲመለሱ ያስተካከለ የለም። የምክትሉ አለቃ ደግሞ አሁንም እሳቸው ናቸው። ሁለቱ እርስ በርስ ስለተያያዙ ከላይ የሚወርድ አያገኛቸውም። ለመሞከር ከእሳቸው ብጀምር እሳቸው፣ ምክትሉ፣ እሳቸው፣ ምክትሉ እያለ አልቆም አለኝ። አቋረጥኩት።

እኔ ማንበብ እንጂ መቀየር አልተፈቀደልኝም። ለሰው ኃይል ኃላፊዋ ነገርኳት፤ እሷ ዋናውን መሥሪያ ቤት ጠየቀች። መልሱ በማግሥቱ መጣ፦ በቅርብ የተመዘገበው ይጽና፣ የምክትሉ አለቃ ከቦይለር ክፍሉ በላይ ያለው የምርት ኃላፊ ይሁን።

«ተገለበጠ እኮ፤ እሳቸው ከምክትላቸው ሥር ሊሆኑ ነው» አልኳት። «የቅርቡ ውክልናው ነው። የሐጁ ጊዜ ውክልና።»

«አውቃለሁ። ግን ትእዛዝ ነው፤ ምን ላድርግ? ደግሞስ አሁን ስማቸው አልወጣም?»

ወጥቷል። መጠይቁ አንድም ሰው ሳይዘል እታች ድረስ ወረደ። የተጻፈለትን ከማመን ሌላ አያውቅም። የገዛ ሥራዬን እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም።

ማታ ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ አዛውንቱ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ስሜ ተገኘ?»

«ተገኝቷል አባባ።»

«አልሐምዱሊላህ። ከማን ሥር ነኝ?»

ልዋሽ ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። ነገርኳቸው።

«እሱን ሥራውን ያስያዝኩት እኔ ነኝ» አሉ ደሴ ሲወርዱ። ከዚያ ፊቴን አይተው ይሆናል፣ «አብሽር፣ አንተ ምን ታረግ» አሉኝ። እሳቸው እኔን ሲያጽናኑ አፈርኩ።

ጠዋት ቦይለር ክፍሉ በር ላይ ደረስኩ። ምክትሉ እንደ ወትሮው ጓንቱን እያጠለቀ፣ «አባባ፣ በየትኛው እንጀምር?» አላቸው። የምደባው ደብዳቤ ገና አልደረሰውም።

አዛውንቱ ቦይለሩ ሥር ከተንበረከኩበት ተነሥተው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«ከዛሬ ጀምሮ አንተ ንገረኝ» አሉት።