የእናቴን የስፌት ፈቃድ የመለስኩ ቀን

እናቴ መርሳ ከተማ፣ ቤቷ ውስጥ ሆና የጎረቤት ልብስ በስፌት መኪና ትሰፋ ነበር። ከመንገዱ ዳር በረንዳ ተከራይታ ልትሠራ ስትነሳ አጎቴ ተቆጣ።

«በርሽን ዘግተሽ ብትሰፊ ማን ይጠይቅሻል? ፈቃድ ካወጣሽ ግብር በራስሽ ላይ ጠራሽ ማለት ነው!» አላት።

እሷ ግን የከተማውን ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ የመስፋት ሥራ ፈቃድ ለሌለው እንደማይሰጥ ስለተነገራት ወልድያ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ አወጣች። የሂሳብ መዝገብ ስለማትይዝ ግብሯ የሚጣለው በግምት ነበር። ገማቾቹ በረንዳዋ ላይ ቆመው መኪናዋንና የሰቀለችውን ልብስ አይተው ይወስኑባታል። እሷ ሲሄዱ ታጉረመርማለች፤ ከዚያ ከፍላ ፈቃዷን ታሳድሳለች።

ስትሞት አላለቀስኩም። ለቀስተኛው ሲወጣ ሲገባ ወንበር አቀርብ ነበር። አጎቴ ያኔም አላረፈም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ፈቃድ እያየ «ተዪው፣ የሞተ ሰው ግብር አይጠየቅም!» አለኝ። ፈቃዱ ካልተመለሰ ግን ግምቱ በስሟ እንደሚቀጥል አውቅ ስለነበር ወልድያ ሄድኩ። ያልተከፈለውን ግብሯን ከፍዬ ፈቃዱን ለማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ሰጠሁት።

«ሥራው ለምን ቆመ?» አለኝ።

«ሞታ ነው።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ጸሐፊው ማኅተሙን መታና ቀና አለ።

«በቃ፣ ከእንግዲህ ግብር የለባቸውም» አለኝ፣ የምሥራች እንደሚነግር ሰው።

እኔም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩት።