የተቆረጠው ጥግ

ስለ ምርጫ ጥያቄ ያለኝን አስተያየት ማንም ሳይጠይቀኝ ብዙ ቦታ ተናግሬያለሁ። አንድን እውነት በሦስት ውሸት አጅቦ ልጅ ፊት ማቅረብ ማስተማር አይደለም እላለሁ። ይሁንና ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረሰች፤ ፈተናውም በኮምፒውተር ነው ተባለ። እኔም ሹም አቦ ሰፈር፣ ሐይቁ አጠገብ ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ የምርጫ ጥያቄ ለቃሚ ሆንሁ።

ሥራውን የሰጠችኝ የባዮሎጂ መምህርቷ ናት። እሷና ባልደረቦቿ ለዓመታት ያወጧቸውን የክፍል ፈተናዎች በስልክ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ላኩልኝ። ወረቀቱ የታጠፈ፣ ጥላ ያረፈበት፣ አልፎ አልፎም የአንሺው አውራ ጣት የገባበት ነው። የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር መለማመጃ የሚቀበለው ደግሞ ንጹሕ ሠንጠረዥ ብቻ ነው፦ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ረድፍ፣ ለአራቱ ምርጫዎች አራት ዓምድ፣ ከዚያ መልሱና ምዕራፉ። አንዱ የስልክ መተግበሪያ ገጹን አቃንቶ ዳር ዳሩን ይቆርጣል፤ ሌላው ጽሑፉን ያነባል። ገጹ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን ግን ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ ብሎ እያነበበ የሦስተኛውን ጥያቄ ግማሽ ለአሥራ አንደኛው ይድራል። እኔ ደግሞ አፋታለሁ።

መምህርቷ አንድ ዓምድ ጨመረች፤ ረድፉ የተወሰደበት ፎቶ ስም የሚጻፍበት። ይህ የቢሮክራሲ ፍቅር ነው ብዬ አሾፍሁባት። «ግድ የለም፣ ጋሼ፣ ይኑር» አለችኝ። ሁለት ጊዜ የመጡ የሚመስሉ ጥያቄዎች ሲያጋጥሙን ግን ተስማምተን አንዱን ከሠንጠረዡ አስቀረን።

የዘር ውርስ ምዕራፍ ጥያቄዎች ገብተው እንዳለቁ መጀመሪያ የሞከረችው ልጄ ናት። ሕክምና ለማጥናት የቆረጠች፣ ይህንንም ምዕራፍ ከሁሉ አብልጣ የምትወድ ልጅ ናት። ውጤቷ የሚያሳፍር ሆነ። በማግስቱ እንደገና ስትሞክር ከኋላዋ ቆሜ አየኋት፤ አሁን የምትመርጠው የምታውቀውን ሳይሆን ማሽኑ ልክ ነው ያላትን ነበር።

«የማውቀው ሁሉ ስሕተት ነው፣ አባዬ» አለችኝ። «ሕክምናውን ብተወው ይሻላል።»

የምርጫ ጥያቄን የሚያወግዝ ንግግር አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥ አድርጌ ወደ መምህርቷ ደወልሁ።

ቅዳሜ ከዘንዘልማ በባጃጅ መጣች። ልጄን ምን እንዳጠናች አልጠየቀቻትም። የፎቶውን ስም ከሠንጠረዡ አይታ ቴሌግራም ላይ ያለውን፣ ያልተቆረጠውን ፎቶ ከፈተች። ከላይ በቀኝ ጥግ በእስክሪብቶ «ኮድ ኤ» ይላል። መተግበሪያው ከጥላው ጋር ቆርጦ ጥሎታል። የመልስ ቁልፉ ገጽ ሲከፈት ደግሞ «ኮድ ቢ» ይላል።

በአንድ ዴስክ ሦስት ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል መምህር አንዱን ፈተና በሁለት ቅደም ተከተል ያወጣል። የኮድ ኤ አንደኛ ጥያቄ በኮድ ቢ አሥራ አምስተኛ ሊሆን ይችላል፤ ምርጫዎቹም ቦታ ይቀያየራሉ። የኮድ ቢን መልስ በኮድ ኤ ጥያቄ ላይ ብንሞላም የጥያቄው ብዛት እኩል ስለሆነ ሠንጠረዡ አንድም ክፍት ቦታ አላሳየም። ድግግሞሽ ብለን ያስቀረናቸውም ገጾች ኮድ ቢ ነበሩ።

መምህርቷ ሳቀች። «እኔው ነኝ እኮ የደባለቅኋቸው፣ እንዳይኮራረጁ ብዬ። ኮራጅ ሳይኖር እኛኑ ያዘን።»

ትምህርቱን ስለምታውቀው መልሱን ከራሷ እንድትሞላ ሐሳብ አቀረብሁ። እምቢ አለች። መጀመሪያ ወረቀቱ ያለው ይግባ፤ እሷ የማትስማማበት ካለ ለብቻው በማስታወሻ ይጻፍ አለች። ስለዚህ እኔ የኮድ ኤን ጥያቄ አነባለሁ፤ እሷ ያንኑ ጥያቄ ከኮድ ቢ ገጽ ላይ ፈልጋ ቁጥሩን ትነግረናለች፤ ልጄ ከቁልፉ ፊደሉን ትጠራለች። እኛ ግን የምናስገባው ፊደሉን አይደለም፤ በዚያ ፊደል ኮድ ቢ ላይ የተጻፈውን ምርጫ ሙሉ ቃሉን ነው። መለማመጃው ምርጫዎቹን ለእያንዳንዱ ተማሪ ስለሚያዘዋውር ፊደል ብቻውን አይታመንም። የወረቀቱ እጥፋት ምርጫውን የሸፈነበትን አንድ ጥያቄ ማንበብ አቃተን። ልገምት ስል መምህርቷ እጄን ያዘችኝና ክፍት ተወችው።

የልጄ የመጀመሪያ ቀን መልሶች መለማመጃው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። በትክክለኛው ቁልፍ እንደገና ታረሙ። አብዛኞቹን አግኝታለች። እኔ ልፈነጥዝ ስል እሷ ግን ዓይኗን ካላገኘቻቸው ላይ አልነቀለችም።

«እነዚህን እንኳ የምሬን ነው የሳትኋቸው» አለች። ከዚያ ወንበሯን ወደ መምህርቷ ስባ፣ «ቲቸር፣ ይሄኛው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

መምህርቷ ባዶ ወረቀት ጎትታ አራት ማዕዘን ሣለችና ለአራት ከፈለችው። የእናትን ዘረ መል ከላይ፣ የአባትን ከጎን ጻፈች፤ ክፍሎቹን እንድትሞላ እስክሪብቶውን ለልጄ ሰጠቻት። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ወረቀቱን ሲያነሣው ልጄ በክርኗ ያዘችው። እኔም በምስጋና ፈንታ ማንጎ ልልጥ ወደ ጓዳ ገባሁ።