ሽመላ ሊያይ የወረደው ሐኪም

ጣሊያን ደሴን በያዘ ጊዜ በሐኪም ቤታቸው አስተርጓሚ ነበርኩ። አለቃዬ በሽተኛ ፊቱ እያቃሰተ እሱ በመስኮት ወፍ የሚቆጥር ሐኪም ነበር። ጢም ያወጣ ሰው ወፍ ሲቆጥር! ቢሆንም «እሺ ጌታዬ» እል ነበር፤ በቅሎዬ በእጁ ነበረች። አገሬ ሐርቡ ላይ ከውርንጭላነቷ ጀምሬ ያሳደግኳትን በቅሎ «ለሥራ ትፈለጋለች» ብለው ነጥቀውኝ የሐኪም ቤቱን ጭነት ያስጭኗት ነበር። «የቦርከናን ረግረግ ወፎች በደንብ ካሳየኸኝ እመልስልሃለሁ» አለኝ ሐኪሙ።

ዕረፍቱ ነሐሴ ስለሆነ በነሐሴ ካልሄድን አለ። «ጌታዬ፣ በነሐሴ ቦርከና ሞልቶ ሜዳውን ይውጠዋል። ከባሕር ማዶ የሚመጡት ወፎችም ገና አልገቡም። በኅዳር ይሁን፤ ያኔ ዝናቡ አቁሞ ረግረጉ ግን ውሃውን እንደያዘ ነው» አልኩት። ፊቱን አጨማደደብኝ። በሳምንቱ መጽሐፉን አገላብጦ መጣና ራሱ ያገኘው ይመስል «በኅዳር ነው የምንሄደው» ብሎ አስተማረኝ። ወይ ጉድ!

ጉዞውን ያቀድኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ሲነጋ ከደሴ በላይ፣ ጦሳ ተራራ ጥግ፣ በጥዱና በወይራው ውስጥ የደጋውን ወፍ እናያለን። ረፋድ ላይ በመኪና ኮምቦልቻ ወርደን፣ ቀድመው ከሚጠብቁን በቅሎዎች ጋር ከሰዓት በግራሩ መሃል የቆላውን። ከሐርቡ ወዲህ ድንኳን ተክለን አድረን፣ እሁድ ጎህ ሳይቀድ ረግረጉ ዳር። ወፍ የሚበላውም የሚዘምረውም በማለዳ ነው፤ ፀሐይ ስትከር ጥላ ይገባል። ፀሐይዋ ከጀርባችን እንድትሆን ከምሥራቅ በኩል እንቅረብ አልኩት። መነጽር፣ ደብተርና እርሳስ፣ ውሃ፣ ባርኔጣ፣ ለማለዳው ብርድ ካፖርት ይያዝ፤ ልብሱ አፈር የመሰለ ይሁን፤ ሌላ ኮተት አያስፈልግም። ሰውየው ነጭ በነጭ ለብሶ፣ የሚታጠፍ አልጋ፣ ጠረጴዛና የወይን ጠርሙስ በሦስት በቅሎ አስጭኖ ወረደ። ከሦስቱ አንዷ የኔዋ ነበረች። ኮምቦልቻ ላይ ስታየኝ አፍንጫዋን ደረቴ ላይ አሳረፈች፤ እንባዬ መጣ።

ቅዳሜ በደህና አለፈ። ጦሳ ላይ አንዲት አረንጓዴ ወፍ ስትበር ክንፏ ቀይ ሆኖ ቢያይ ሐኪሙ ከደስታው ብዛት ባርኔጣውን ጣለ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ሐርቡ ላሉት አጎቴ ቀደም ብዬ «እሁድ ማለዳ አንድ ትልቅ ሰው ይዤ ረግረጉ ዳር እመጣለሁ» ብዬ ልኬላቸው ነበር። እንዲያው ልኩራራ ብዬ እኮ ነው። ለምን እንደሚመጣ ግን አላልኩም። ወፍ ሊያይ ነው ብል ሐርቡ ዕድሜ ልኬን ይስቅብኛል! አፈርኩ።

እሁድ ሲነጋ ረግረጉ በሽመላ ነጭ ሆኗል። ሐኪሙ መነጽሩን አነሳ። «በልጅነቴ በመንደራችን ላይ ሲያልፉ አያቸው ነበር» አለኝ። በሉ ስሙ! ባሕር አቋርጦ፣ የሰው አገር ወርሮ፣ በቅሎዬን ነጥቆ፣ ደጁ የምታልፍ ወፍ ሊያይ!

ይህን በልቤ እያልኩ ሳለ ከሐርቡ በኩል ድቤ ተመታ። የመንደሩ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት፤ አጎቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከፊት ከፊት ይመጣሉ። ሽመላው ሁሉ በአንዴ ብድግ አለ። ሁለቱ በቅሎዎች በርግገው አልጋውንም ወይኑንም ጭቃ ውስጥ ዘርግፈው ፈረጠጡ። የኔዋም ልትነሳ ስትል «አይዞሽ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። ቀጥ ብላ ቆመች።

«አጎቴ፣ ምን አደረጉኝ!»

«ምን አጠፋሁ? ትልቅ ሰው አልክ፣ በወጉ ተቀበልን። ወላሂ፣ ለወፍ ነው ብትለኝ ኖሮ ሴቶቹን ቤት አስቀርቼ እኔም ሣሩ ውስጥ ተኝቼ እጠብቅህ ነበር» አሉኝ። 

ሐኪሙ ይሰድበኛል ብዬ ብጠብቅ እየሳቀ ሰማይ የሞሉትን ወፎች ይቆጥራል። «ሁሉንም በአንዴ አየኋቸው! እንዲህ አይቼ አላውቅም» አለ። ልቤ ዘለለ።

«እንግዲህ ጌታዬ፣ በቅሎዬን ይመልሱልኛላ» አልኩ።

መነጽሩን አውርዶ አንገቷን ዳበሰ። «በዚህ ሁሉ ሁከት የቆመችው እሷ ብቻ ናት። ለወፍ ጉዞ ከእሷ የተሻለ ከየት አገኛለሁ? የሚመጣው ኅዳርም በእሷ ነው» አለኝ። ከዚያ ከጭቃ የተለቀመውን ኮተቱን እንድጭንባት አዘዘኝ።

ጫንኩባት። እስከ ኮምቦልቻ ልጓሟን ይዤ የጎተትኳትም እኔው ነኝ። ያን አይዞሽ ከአፌ ባላወጣው ኖሮ ከጓደኞቿ ጋር ፈርጥጣ፣ መንገዱን ታውቀዋለችና፣ ሐርቡ አጎቴ ደጅ ትገባ ነበር።