«እናንተ ካላችሁ»

«በሙሉ ስምምነት ተወሰነ» የሚል ቃለ ጉባኤ ባየሁ ቁጥር አላምነውም። አንዱን የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትሄዱ ከመንገዱ ወረድ ብሎ፣ በአንድ ቦይ ማሳችንን የምናጠጣ ሠላሳ ቤተሰቦች አለን። አስተማሪ በመሆኔ የማኅበሩ ጸሐፊ አደረጉኝ። ማሳዬ ከቦዩ ራስ ሁለተኛው ነው። ንጹሕ ሰው መስዬ እንዳልታያችሁ አስቀድሜ ልናገር ብዬ ነው።

ውኃውን በተራ የሚያከፋፍለውን ሰው የውኃ አባት እንለዋለን። የቀድሞው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ውኃ ሲቀንስ ከቦዩ ራስ እስከ ጅራቱ በእግራቸው ይወርዱ ነበር። ከየማሳው አፈር ቆንጥረው፣ ባለቤቱን ስንት ቀን መታገሥ እንደሚችል ይጠይቁታል። ሲጨርሱ፣ «ጠይቄያችኋለሁ፤ የምወስነው ግን እኔ ነኝ። ከተሳሳትኩ እኔን ርገሙ» ይላሉ። ይሳሳቱም ነበር። አንድ ዓመት ድንቼን አስደረቁብኝ፣ አንጀቴ እስኪርስ ረገምኳቸው። ማንን እንደምረግም ግን አውቅ ነበር።

እሳቸው ሲያርፉ ከወረዳ የመጣ ባለሙያ እጅ እያወጣን በብልጫ ድምፅ እንድንወስን መከረን። ገንዘብ ያዥ ስንመርጥ ደግ ነገር ነበር፣ ቶሎ አለቀ፣ የተከፋም የለ። ለውኃ ሲሆን ግን እኛ ላይኞቹ አሥራ ዘጠኝ ነን፣ ታችኞቹ አሥራ አንድ። ምን ይቆጠራል? ስብሰባው ሳይጀመር ያለቀ ነው። እኛ ረታን ረታን ስንል ታችኞቹ በጠራራ ፀሐይ ቦዩን በዶማ ሰበሩት። ሰው ከመሞት ለጥቂት ተረፈ። ሰባሪዎቹም ተከሰሱ።

አዲሱ የውኃ አባት ይህን አይተው በትምህርት ቤቱ ግቢ ሰበሰቡን። ከእንግዲህ እጅ ማውጣት ቀርቷል፣ በስምምነት ነው፣ አንድ ሰው እንኳ «ይህን አልችልም» ካለ አይወሰንም አሉ። እውነት መስሎኝ ደስ አለኝ። ኤዲያ! ነገሩ ለካ ከእኛው ከላይኞቹ ከአንዳንዶቹ ጋር ቀድሞ ተመክሮ አልቋል። እኛ ላይኞቹ ሁለተኛ ማሳ ተክለን እንድናጠጣ፣ የሁሉም ተራ ከስምንት ቀን ወደ አሥራ አምስት ቀን ይራዘም ነው የሚሉት።

የቦዩ የመጨረሻ ማሳ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነው። ሽንኩርት ተክላለች። ፍኖተ ሰላም የምትማረው ልጇ የቤት ኪራይ ከዚያ ሽንኩርት ነው የሚወጣው። መሬቷ አሸዋማ ነው፣ ከዘጠኝ ቀን በላይ ውኃ አይዝም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

የውኃ አባቱ አንድ በአንድ ጠየቁ። የታች ወንዶች ክሱን ፈርተው መሬት መሬት እያዩ «ይሁን» አሉ። የቀረችው እሷ ብቻ ሆነች። ሰው አቧራውን እያራገፈ መነሣት ጀምሯል። አንዱ ከኋላ፣ ለአንድ ሰው ብለን እዚሁ ልናመሽ ነው ወይ ብሎ አጉረመረመ።

«አንቺስ እህቴ?» አሏት።

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። «እናንተ ካላችሁ ምን እላለሁ፣ ጌታዬ።»

በእኛ አገር የዚህን ትርጉም ሕፃን ያውቀዋል። አፌን ዘጋችሁት ማለት ነው። እሺ ማለት አይደለም። ስምምነት የሚባል ነገር ከነበረ፣ መጠየቅ የነበረበት እዚያ ላይ ነበር፤ ምን ከለከለሽ፣ ስንት ቀን ትችያለሽ፣ ምን ብናደርግልሽ ትቀበያለሽ መባል ነበረበት። ማንም አልጠየቃት። እኔም አልጠየቅኳት። የውኃ አባቱ ወደ እኔ ዞረው ጻፍ እንጂ አሉኝ። «ተስማምታለች» ብዬ ጻፍኩ። በጣቷ ፈረመች።

ከወር በኋላ እንደ ነጭ ሽንኩርት ፍንካች ያነሰ ሽንኩርት በነጠላዋ ቋጥራ ስብሰባ መጣች። አልተስማማሁም አለች። የውኃ አባቱ እኔ ነኝ የወሰንኩት ቢሉ ምን ነበረበት? እሳቸው እቴ! ሁላችሁም ናችሁ፣ መዝገቡ ይናገር አሉ። ሠላሳ ሰው ወሰነ፤ ጥፋቱን ግን የሚወስድ አንድ ሰው ጠፋ። ተነሥቼ አነበብኩ። ድምፄ ራሱ አስጠላኝ።

አንብቤ ስጨርስ የውኃ አባቱን ትታ እኔን አየች።

«መምህር፣ እርስዎ ለልጆቻችን አማርኛ ነው የሚያስተምሩት። እንዲህ ብዬ ነበር?»

ማሳዬ የዚያን ዕለት ጠዋት ውኃ ጠጥቷል።

«ፈርመሻል» አልኳት።

ልጅቷ በሳምንቱ ፍራሿን በባጃጅ ጭና ከፍኖተ ሰላም ተመለሰች።