የአባቱ ስም ያልተጻፈ በሽተኛ

አመለወርቅ በሽተኛ ስታነጋግር ፊት ለፊቱ አትቀመጥም፤ ከጎኑ ነው የምትቀመጠው። ሰው ዓይኑን እያዩት ችግሩን አያወጣም ትላለች። ይህን የተማረችው በኩፓት ሆሊም፣ በጤና መድን ድርጅቱ ክሊኒክ ውስጥ፣ በሐኪሞቹና ከጎንደር ወደ እስራኤል በመጡ ሽማግሌዎቻችን መካከል ሆና ስትተረጉም በኖረችባቸው ዓመታት ነው። ጡረታ ስትወጣ እንግዲህ አርፋ ቤቷ ትቀመጣለች ብለን ነበር። እሷ እቴ! በኢየሩሳሌም ኢትዮጵያ መንገድ፣ ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ግንብ ትንሽ አለፍ ብሎ ያለችው ጠባብ ቢሯችን መጥታ ተተከለች። ቢሮው የአንዲት ዓሙታ ነው፤ ዓሙታ እዚህ አገር የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ማኅበር ማለት ነው። ጸሐፊዋም ገንዘብ ያዥዋም እኔ ነኝ።

የሕክምና ወጪ ከአቅማቸው በላይ ለሆነባቸው ቤተሰቦች፣ በየስልኩ የሚዘዋወረውን የእርዳታ ጥሪ የምትጽፍላቸው አመለወርቅ ናት። አጻጻፏ ያናድደኛል። አንዲት መስመር ላይ ግማሽ ቀን ትቀመጣለች። “የምትጽፊው እኮ ለሰጪው ነው” ስላት፣ “የለም፣ ለበሽተኛው ነው። ነገ ድኖ ማሃኔ ይሁዳ ገበያ ቲማቲም ሲመርጥ፣ ሻጩ አንብቦት ቢሆን የማያፍርበትን ነው የምጽፈው” ትለኛለች።

ባለፈው ክረምት ሲጋል የምትባል ወጣት እናት መጣች። ባሏ ዮሃይ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ካንሰር ታሟል። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችን። ዮሃይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፣ አፍንጫው ላይ ቱቦ አለ።

“ይሄን አድርጉበት” አለች። “ሰው ካላለቀሰ አይሰጥም። ሐቬራ ሼሊ፣ ጓደኛዬ፣ ለእናቷ እንዲህ አድርጋ ነው ያገኘችው።”

“እሱ ያውቃል?” አለች አመለወርቅ።

“ተኝቶ ነበር።”

አመለወርቅ ስልኩን ቀስ ብላ ተቀበለቻትና ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። “ሲነቃስ የኔ ልጅ? ከዚህ ሁሉ ሰው ስልክ ላይ ማን ያጠፋለታል?”

ሲጋል እዚያው አለቀሰች። እኔ ግን ፎቶው ብዙ ገንዘብ እንደሚያመጣ አውቅ ነበር።

በማግስቱ አመለወርቅ ቤታቸው ሄዳ ከዮሃይ ጎን ተቀመጠች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ዮሃይ እርዳታውን የሚቀበለው እየመረረው እንደሆነ አልደበቀም። ፎቶ እንዳይኖር፣ የታመመው የትኛው የሰውነቱ ክፍል እንደሆነ እንዳይጻፍ ጠየቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ደግሞ እናቴ እንዳትሰማ፣ እትዬ አመለወርቅ። ወደዚህ ስትመጣ በሱዳን መንገድ ታላቅ ወንድሜን በእጇ ነው የቀበረችው። መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ እስኪታወቅ ድረስ እንኳ ከጭንቀቱ ትትረፍ። እባክዎን።”

“ቃሌ ነው” አለችው።

ጽሑፉ እንዲህ ወጣ፦

“በኢየሩሳሌም የሚኖር፣ እስኪታመም ድረስ ሠርቶ ሲያድር የነበረ የሦስት ልጆች አባት ካንሰር ይዞታል። ሐኪሙ ያዘዘለት መድኃኒት መንግሥት ለሌላ ዓይነት ካንሰር የሚሸፍነው ነው፤ ለእሱ ዓይነት ግን አይሸፍንም። የኩፓቱ የልዩ ጉዳዮች ኮሚቴ ጥያቄውን አልተቀበለም፤ ቤተሰቡ ይግባኝ ብሏል። ለሦስት ወር ስልሳ ስድስት ሺህ ሼቄል ያስፈልጋል። ቤተሰቡ አሥራ ስምንት ሺህ አግኝቷል። ከሦስት ወር በኋላ ተመርምሮ ካልጠቀመው መድኃኒቱ ይቆማል። ይድናል ብለን ቃል አንገባም፤ የሚጠይቀው መሞከር እንዲችል ነው። ገንዘቡ በዓሙታው በኩል በቀጥታ ለመድኃኒት ቤቱ ይከፈላል። ይግባኙ ተፈቅዶ ወይም መድኃኒቱ ቆሞ የሚተርፍ ቢኖር ለሌላ በሽተኛ መድኃኒት ይውላል። የሐኪሙን ደብዳቤና የኮሚቴውን መልስ ዓሙታው አይቷል።”

“‘ቃል አንገባም’ የምትለውን አውጫት” ብዬ ተሟገትኩ። “ሰው ለማይድን አይሰጥም።”

“ታዲያ ልዋሽ?” አለችኝ። እሷ ግትር ከሆነች በቃ፣ ግትር ናት።

ልንልከው ስንል ሲጋል፣ “ጸሎትስ?” አለች። ገንዘብ ብቻ ከሰው መጠየቁ ከብዷት ነበር። በዚህ አገር ለበሽተኛ የሚጸለየው በራሱና በእናቱ ስም ነው፤ ጥሪው ሥር ስሙ ይጻፋል፣ ያየው ሁሉ ምሕረት ይለምንለታል። አመለወርቅ አሰበችበት። ሰው በእኛ ዘንድ የሚታወቀው በአባቱ ነው። እገሌ ማን ነው ሲባል፣ የእገሌ ልጅ ተብሎ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ይቆጠራል። የአባቱና የቤተሰቡ ስም ከሌለ፣ ዮሃይ የሚባል አገር ሙሉ ሞልቷል። እናም ከታች “ዮሃይ ቤን ይርጋለም” ብላ ጨመረች፤ የይርጋለም ልጅ ዮሃይ ማለት ነው። እንደ ልማዷ ሙሉውን ለዮሃይ አነበበችለት። እሱም እሺ አለ። አመለወርቅ፣ ዮሃይና እኔ፣ ሦስት የጎንደር ሰዎች፣ ያንን ስም አየነው፤ የአባት ስም የለበትምና ማንም አያውቀውም ብለን አለፍነው።

እናትየው እማማ ይርጋለም ቀን ቀን የሚውሉት ከከተማው ዳርቻ፣ አንድ የአረጋውያን መዋያ ውስጥ ነው። አስተባባሪዋ ሚሪ ልበ ቅን ልጅ ናት። አሮጊቶቹን ሁሉ “እማማ” እያለች ነው የምትጠራቸው፣ ስማቸውን ወረቀት ላይ ታየዋለች እንጂ በአፏ አትጠራውም። ጠዋት ጠዋት መዝሙረ ዳዊት ይነበባል፣ ከዚያ ሚሪ በስልኳ የደረሷትን የሕሙማን ስም ትጠራለች፣ አሮጊቶቹ አሜን ይላሉ። የእኛ ጥሪ በደረሳት ዕለትም ጠራች።

“ዮሃይ ቤን ይርጋለም።”

እማማ ይርጋለም ከሌሎቹ ጋር አሜን አሉ። ሚሪ ወደሚቀጥለው ስም አልፋለች። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ለማንም አሜን አላሉም። የሁሉም ዓይን ወደ እሳቸው ዞሮ ነበር፤ እነዚያ ሴቶች እርስ በርስ የሚተዋወቁት በልጆቻቸው ነውና።

ሚሪ እያለቀሰች ደወለችልን። ጽሑፉን ላጠፋው ስልኩን ሳነሳ አመለወርቅ እጄን ያዘችኝ። “መጀመሪያ እሱ ይስማ” አለች፣ ደወለችለትም።

“ዮሃይ፣ ቃሌን አፍርሻለሁ። እናትህ ሰምተዋል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።”

“ምን አለች?” ሲል ተሰማኝ።

“አሜን” አለችው አመለወርቅ።

በማግስቱ እማማ ይርጋለም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በባቡር ብቻቸውን መጡ። ወንበር ስስብላቸው አልተቀመጡም። ሌሊቱን ከልጃቸው ጋር እንዳደሩ ነገሩን። ዓይናቸው አብጦ ነበር። አመለወርቅ ከጎናቸው ሄዳ ቆመች።

“ምን ብላችሁ ጻፋችሁበት? አንብቡልኝ” አሉ።

አነበብኩ። “ይድናል ብለን ቃል አንገባም” የሚለውንም አልዘለልኩትም።

“እሱን ማን ነው የጻፈው?”

“እኔ ነኝ እማማ” አለች አመለወርቅ።

ይረግሟታል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። “በልጄ አልዋሻችሁም። አላዋረዳችሁትምም። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ልጆቹን አሰልፎ ያስለምንበት ነበር።”

“ስምዎን አሁን አወጣዋለሁ” አለች አመለወርቅ። “ይቅር ይበሉኝ።”

“ተይው።”

“ዮሃይን ሳልጠይቅ አልተወውም።”

ጠየቀችው። ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ነበር፤ ሁላችንም ሰማነው። “እሷ ካለች ይሁን” አለ።

ለመጀመሪያው ወር የሚበቃው ገንዘብ በዚያው ሰሞን ሞላ፣ መድኃኒቱም ተገዛ። እሱ ኋላ ነው። በዚያች ጠዋት ግን እማማ ይርጋለም ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አስተካከሉ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

“ትናንት አሜን ያልኩት የሌላ ሰው ልጅ መስሎኝ ነው” አሉ። “አሁን ስሙን ደግመሽ ጥሪው። ለልጄ ልበል።”

ጠራሁት።