ገልጻለች

የመስክ ማስታወሻዬ ግስ የለውም። በማሽን ጫጫታ መሃል ቆሞ፣ ዱቄት እየቦነነበት የሚጽፍ ሰው ለግስ ጊዜ አያገኝም። ሰረዝ ያደርጋል፣ ሁለት ሦስት ቃል ይጥላል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሥራዬ የሥራ ቦታ ደህንነት ቁጥጥር ነው። ድሬ ዳዋ ውስጥ ከፋብሪካ ፋብሪካ እዞራለሁ፣ አያለሁ፣ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ቢሮ ተመልሼ ሰረዞቹን ሪፖርት አደርጋቸዋለሁ። ያ ማለት በየሰረዙ ላይ ግስ ማስገባት ማለት ነው፤ ግስ ደግሞ በአማርኛ ብዙ ያወራል። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ከአንድ የዱቄት ፋብሪካ ይዤው የተመለስኩት ማስታወሻ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። መሃሉ ላይ እንዲህ ይላል፦

– ወፍጮ ክፍል፣ ማጓጓዣ ቀበቶ 2
– የሮለር መከለያ በቦታው። ንጹሕ። ዙሪያው ሁሉ ዱቄት
– ብሎን 4፣ አዲስ
– ሠ. – መከለያ በቁጥጥር ጊዜ ብቻ
– ፎቶ 11፣ 12

ቀበቶው የሚዞርበት ሮለር እጅ ወይም የልብስ ጫፍ ከያዘ አይለቅም። ስለዚህ በብረት መከለያ መሸፈን አለበት። ግን መከለያው ካለ ከሥር የሚጠራቀመውን ዱቄት ለመጥረግ ማሽኑን ማቆም፣ ብሎኑን መፍታት፣ ከዚያ መልሶ መግጠም ሊኖር ነው። ማሽን ሲቆም ምርት ይቆማል። እናም ይፈቱትና ግድግዳ ላይ ያስደግፉታል፣ ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል ይገጥሙታል።

«ሠ.» ማለት ሠራተኛ ነው። ሠራተኛዋ የክፍሉ ጠራጊ ነበረች፤ ስድሳ ሊሞላት የተቃረበች፣ ሻሿን ከአገጯ ሥር ጥብቅ አድርጋ ያሰረች ሴትዮ። የፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ ጠዋቱን ሙሉ ከአጠገቤ አልለይ ብሎኝ ነበር። ስልክ ሲጠራውና ጫጫታውን ሸሽቶ ወደ ደጅ ሲወጣ፣ ሴትዮዋ መጥረጓን ሳታቆም ጠጋ አለችኝ።

«ዛሬ ጠዋት ነው የገጠሙት» አለችኝ። «ስትመጡ ይገጥሙታል፣ ስትሄዱ ይፈቱታል። ከሥሩ የምጠርገው እኔ ነኝ። ወላሂ አንድ ቀን ቀበቶው እጄን ይበላዋል።»

«አዴ፣ ስምሽን አልጽፍም» አልኳት። አዴ እኛ አገር እናት የሚያህሉ ሴቶች የሚጠሩበት ነው።

«እንዳትጽፊ። አሥር ዓመት ሊሞላኝ ሰባት ወር ነው የቀረኝ። ከሞላልኝ ጡረታዬ ይከበራል፣ ቤቴ እቀመጣለሁ። ሰባት ወር አፌን ልያዝ ብዬ ነበር፤ እጄስ?» ብላ ሳቀች።

ቃል ገባሁላት። ቃሌንም ጠብቄያለሁ፤ ስሟ እስከ ዛሬ የትም አልተጻፈም። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ራሴን መቅጣት ያምረኛል፤ ምክንያቱም በዚያ ጊዜ ሚስጥር መጠበቅ ማለት ስም አለመጻፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሪፖርት መጻፍ እወዳለሁ፤ አልዋሽም። በቢሯችን ከኔ የተሻለ የሚጽፍ የለም ይባል ነበር፣ እኔም ሲባል ዝም ብዬ እሰማለሁ። እያንዳንዱ ግኝት ቁጥር አለው። የት እንደታየ ይጻፋል፤ በዓይን የታየው ከተነገረው ይለያል፤ ማስረጃው ይጠቀሳል፤ የተጣሰው ድንጋጌ፣ ሊደርስ የሚችለው አደጋ፣ ምን በስንት ቀን መስተካከል እንዳለበት ይከተላል። አንባቢው ፋብሪካውን አይቶት የማያውቅ ዳኛ ቢሆን እንኳ ሳይጠይቅ እንዲገባው ተደርጎ ይጻፋል። አለቃዬ ይህን በቀይ እስክሪብቶ ነው ያስተማረኝ።

በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «ከሠራተኞች በተገኘው መረጃ መሠረት» ብዬ ነበር። አለቃዬ «ሠራተኞች» የሚለውን ከበበና ከጎኑ «ስንት?» ብሎ ጻፈ።

«አንድ ናት» አልኩት።

«አንድ ከሆነች አንድ በያ። ነገ ፋብሪካው ቢከስ 'ሠራተኞች እነማን ናቸው?' ሲሉሽ ምን ልትመልሺ ነው?»

እውነቱን ነበር። አንድን ሰው ብዙ ማድረግ ውሸት ነው፣ በውሸት የተበከለ ሪፖርት ደግሞ አንድ ጠበቃ ይበቃዋል። ተቀምጬ አስተካከልኩት። የመጨረሻው ጽሑፍ እንዲህ ነበር የሚለው፦

«ግኝት 3። በወፍጮ ክፍል በማጓጓዣ ቀበቶ ቁጥር 2 ሮለር ላይ መከለያ ተገጥሞ ታይቷል። ሆኖም በአካባቢው ያሉ መሣሪያዎች በሙሉ በዱቄት ብናኝ የተሸፈኑ ሲሆን በመከለያው ላይ ብናኝ አልተገኘም፤ አራቱም ብሎኖች አዲስ ናቸው (ፎቶ 11 እና 12)። በክፍሉ የምትሠራ አንዲት ሠራተኛ መከለያው በቁጥጥር ወቅት ብቻ እንደሚገጠም ገልጻለች።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ደስ አለኝ። አለቃዬም አንብቦ ፈረመ፣ ማኅተም ተመታ፣ አንድ ቅጂ ለፋብሪካው ተላከ። መከለያው ሲከፈት ማሽኑን በራሱ የሚያቆም ማጥፊያ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ እንዲገጠም አዘን ነበር።

ወሩ ሲያልቅ ለክትትል ሄድኩ። ማጥፊያው ተገጥሟል። መከለያውን ሳስከፍተው ቀበቶው ቀጥ አለ። ሪፖርት እንዲህ ሲሠራ ማየት ብርቅ ነው፤ አብዛኛው ሪፖርታችን የሰው መደርደሪያ ሲያሞቅ ይኖራል። ቀና ስል ግን ወለሉን የሚጠርጉት የጽዳት ድርጅት ሰደርያ የለበሱ ሁለት ወንዶች ነበሩ።

«ጽዳቱን ለውጭ ድርጅት ሰጠነው» አለኝ የሰው ኃይል ኃላፊው።

«ሴትዮዋስ?» አልኩት። ማለት አልነበረብኝም።

ፈገግ አለ። «እዚህ ክፍል እኮ የነበረችው ሴት አንድ ናት፤ አንቺም ጽፈሽዋል።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከሳቢያን ሰፈር መታጠፊያ እስከ ቢሮ በባጃጅ ስመለስ ግኝት ሦስትን በቃሌ እየደገምኩ ነበር፤ «የምትሠራ» ላይ ስደርስ ገባኝ። ሴቶቹ በሙሉ ማሸጊያ ክፍል ናቸው። በወፍጮ ክፍል ከሷ በቀር ሴት የለም። ማስታወሻዬ «ሠ.» ሲል ወንድ ይሁን ሴት አይናገርም ነበር። ግሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስሟን ደብቄ «ምት»ን፣ «አንዲት»ን፣ «ች»ን አስረከብኳቸው።

አለቃዬ የፋይሉን ቅጂ አውጥቶ አነበበው።

«'ገልጸዋል' ቢሆን ኖሮ» አለ። «በክፍሉ የሚሠሩ ሠራተኛ ገልጸዋል ቢል ወንድ ነው ሴት አይታወቅም። አንድ ናቸው ብዙ፣ እሱም አይታወቅም፤ ግን ውሸት አይሆንም፣ አንቱታ ነው። እኔ ባደግሁበት ለእናትሽ እኩያ እንዲያ ነው የሚጻፈው።» ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። «እኔም ሳላየው ነው የፈረምኩት፤ ብቻሽን አይደለሽም።»

ብቻዬን ነኝ። እሱ ከመሃል አገር የመጣ ሰው ነው፣ እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ድሬ አንቱ የለም። ባለሱቁን አንተ፣ ሽማግሌውን አንተ፣ የጓደኛችንን እናት አንቺ እያልን ነው ያደግነው፤ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ሲደነግጥብን እንስቃለን። እኛ ሰው አናበላልጥም እያልኩ ስንቱ ላይ ተኩራርቻለሁ። እሷም ድሬ ናት፣ አንቺ ብትባል ቅር አይላትም። ችግሩ ወረቀቱ የተጻፈው ለሷ አለመሆኑ ነው።

ደግሞ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያ ዓረፍተ ነገር አላስፈለገም። ንጹሕ መከለያ በዱቄት ክምር መሃል፣ አራት አዲስ ብሎን፣ ሁለት ፎቶ፤ ይህ ብቻውን ይበቃ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ያስገባሁት ግኝቱን ስለሚያሳምረው ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ ማኅተም ያረፈበት ወለምታማ ምን ሊባል ነው? ሪፖርቱ በዚያው ሰሞን ለአዳዲስ ባልደረቦች ስልጠና የጥሩ አጻጻፍ ምሳሌ ሆኖ ተባዛ። ከመድረኩ ፊት ቁጭ ባልኩበት አጨበጨቡልኝ።

አዴን ታይዋን በሚባለው ገበያ ነው ያገኘኋት፣ የልብስ ሱቆቹ ጥግ ላይ ካልሲና ሻሽ ዘርግታ። እንዳየችኝ አወቀችኝ። የምትሸሸኝ መስሎኝ ነበር፤ አልሸሸችኝም፣ የምቀመጥበት ካርቶን ሳበችልኝ። የስንብት ደብዳቤዋን ከጉያዋ አውጥታ አሳየችኝ። አራት መስመር ነው። የሥራ መደቡ በመታጠፉ ውሉ እንዲቋረጥ ተወስኗል ይላል። ማን እንደወሰነ የለበትም። አንድም ሰው የማይታይበት፣ ንጹሕ ጽሑፍ ነው። እንዲህ መጻፍ የሚችል ሰው እዚያ ፋብሪካ ውስጥ መኖሩ አናደደኝ።

«በዚህ መክሰስ ይቻላል፣ ምክንያቱ ይህ አለመሆኑን ማስረዳት ይቻላል፤ እኔ እመሰክራለሁ» አልኳት።

«ወረቀት ሰለቸኝ» አለች። «ኃላፊው ጠርቶ ያንቺን ወረቀት አነበበልኝ። እኔ አይደለሁም ብዬ ልክድ ነበር። ወንዶቹ ናቸው ልል። 'ገልጻለች ይላል፣ አንቺ ወንድ ነሽ?' አለኝ። ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን አደርጋለሁ።»

«ስንት ወር ቀርቶ ነበር?»

«አምስት።»

አንገቴን ደፋሁ። አፌ ላይ የመጣው በዕድሜዬ ለድሬ ሰው ተናግሬው የማላውቀው ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎን...»

ካልሲ ማጠፏን ትታ አየችኝ።

«አቦ ተይኝ፣ እኔን አንቺ በይኝ» አለች። «አንቱ የሚያስፈልገኝ እዚያ ወረቀት ላይ ነበር።»

ከዚያ ዋጋ ወደጠየቃት ገበያተኛ ዞረች።